የስቲም ፓስወርድ ጠፍቶ የድሮው ኢሜይልም አልከፈት ሲል

ጥያቄ፦ «የስቲም አካውንቴን በ2009 ዓ.ም በያሁ ኢሜይል ከፈትኩ። አሁን ፓስወርዱን ረሳሁት። ያሁውም አልከፈት ብሎኛል፣ ኮዱን የሚልከው ከስልኬ ጋር ወደ ጠፋው ሲም ነው። ጂቲኤ 5ን ሐምሌ 2010 ላይ ዱባይ ያለው ወንድሜ በካርዱ ገዝቶልኛል። አሮጌው ላፕቶፕ ቤት አለ። ቴሌግራም ላይ አንድ ልጅ በ5 ሺህ ብር አስመልስልሃለሁ አለኝ። እሱን ልመን ወይስ በተመሳሳይ ስም አዲስ ኢሜይል ከፍቼ ልጻፍላቸው?»

ለቴሌግራሙ ልጅ አንድ ብር እንዳትልክ። አዲሱም ኢሜይል አይጠቅምህም። ስቲም ኮዱን የሚልከው አካውንቱ ላይ ወደተመዘገበው ኢሜይል ወይም ስልክ ብቻ ነው፣ ኢሜይሉም አንድ ፊደል ወይም አንድ ነጥብ ከተለየ ለሱ ሌላ ሰው ነህ። ስሙ ስለተመሳሰለ የሚያዝንልህ የለም፣ እንዲያውም የሰው አካውንት የሚሰርቁ ሰዎች የሚሞክሩት አንዱ ዘዴ ይኸው ነው።

ፓስወርዱን መርሳትህ ራሱ ትንሽ ችግር ነው። የስቲም ሰራተኞች የድሮውን ፓስወርድህን አይተው ሊነግሩህ አይችሉም፣ እንዲነግሩህም አያስፈልግህም፣ አዲስ መፍጠር ይቻላል። ጥያቄው አዲሱን እንድትፈጥር ከመፍቀዳቸው በፊት «ባለቤቱ አንተ ነህ ወይ?» የሚለው ነው። ይህን የሚመልሱት ደግሞ ኢሜይሉ፣ ስልኩ እና የተከፈለበት ገንዘብ ናቸው። የፕሮፋይል ስምህን ማወቅህ፣ የጓደኞችህ ምስክርነት፣ የድሮ ስክሪንሾት፣ ስንት ሰዓት እንደተጫወትክ ማስታወስህ አይቆጠሩም፣ ይህን ሁሉ ፕሮፋይልህን ያየ ማንም ሰው ሊያውቀው ይችላል።

አንተ እጅ ላይ ያለው ነገር ከምትገምተው በላይ ነው። ላፕቶፕ አለህ፣ ምናልባት የሚወጣ ሲም አለህ፣ ካርድ ያለው ወንድም አለህ። ችግሩ ሰው ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው መጀመሩ ነው። ወዲያው ለስቲም ድጋፍ ይጽፍና ማስረጃ ሲጠየቅ ባዶ እጁን ይቀራል።

ላፕቶፑን እንይ። ከመክፈትህ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ፦ ፎርማት እንዳታደርገው፣ ስቲምን አጥፍተህ እንደገና እንዳትጭን፣ ፕሮግራሙ ተከፍቶ ካገኘኸውም ስምህ አጠገብ ያለውን `Sign out` በምንም ምክንያት እንዳትነካው። ስንት ሰው አካውንቱ ገና ክፍት ሆኖ ሳለ «ወጥቼ ልግባና ይስተካከል ይሆናል» ብሎ በገዛ እጁ ዘግቶታል።

ስቲም ያለ ፓስወርድ ከከፈተልህ እድለኛ ነህ። ላይኛው ቀኝ በኩል ያለውን ስምህን ተጫንና `Account details` ውስጥ ግባ። የተመዘገበውን ኢሜይል እዚያ ታየዋለህ፣ ስልክ ካለም እንደዚያው። `View purchase history` የሚለውን ስትጫን ደግሞ የተገዛው ጨዋታ፣ ቀኑ እና የከፈልክበት መንገድ ተዘርዝሮ ይመጣል። ሁሉንም በስልክህ ፎቶ አንሳው። በኋላ ለድጋፍ ሰጪዎቹ የምትጽፈው ነገር ግማሹ እዚህ ገጽ ላይ አለ።

ላፕቶፑ ለረጅም ጊዜ ኢንተርኔት ሳያገኝ ከቆየ ግን ፓስወርድ ሊጠይቅህ ይችላል። ያም ቢሆን ባዶ እጅህን አትመለስም። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ትንሽ ፋይል አለ፣ በዚያ ኮምፒውተር የገቡትን አካውንቶች ስም ይዞ የሚቆይ። ዊንዶውስ ላይ ስቲም በተለመደው ቦታ ከተጫነ እዚህ ታገኘዋለህ፦

```
C:\Program Files (x86)\Steam\config\loginusers.vdf
```

በኖትፓድ ክፈተው፣ ምንም ነገር አትለውጥበት። ውስጡ ይህን ይመስላል፦

```
"7656119XXXXXXXXXX"
{
    "AccountName"   "..."
    "PersonaName"   "..."
}
```

ላይ ያለው 17 አሃዝ የአካውንትህ ቋሚ መለያ ቁጥር ነው። `PersonaName` ጓደኞችህ የሚያዩት ስም ነው፣ እሱን መቶ ጊዜ ልትቀይረው ትችላለህ። `AccountName` የሚለው ግን የምትገባበት ስም ነው፣ ይህ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ አይቀየርም። ሰዎች ሁለቱን ያምታቱና በፕሮፋይል ስማቸው እየፈለጉ «አካውንትህ የለም» ሲባሉ ይደነግጣሉ። አካውንቱ አለ፣ የፈለጉት በተሳሳተ ስም ነው።

ከላፕቶፑ ሳትነሳ ብራውዘሩንም ፈትሽ። ስቲምን በክሮም ገብተህ ታውቅ ከነበረ ፓስወርዱ እዚያ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አድራሻ መጻፊያው ላይ ይህን ጻፍ፦

```
chrome://password-manager/passwords
```

ከዚያ `steam` ብለህ ፈልግ። እዚያው `yahoo` ብለህም ፈልግ፣ የያሁው ፓስወርድ ከተገኘ ግማሽ መንገድ ሄድክ። የስቲሙን ፓስወርድ ካገኘህ ግን ሮጠህ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አትሞክረው። ስቲም የማያውቀው መሣሪያ ሲያይ ኮድ ይጠይቃል፣ ኮዱ ደግሞ ወደማይከፈተው ያሁ ይሄዳል። ያንኑ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሞክር፣ ቀድሞ ስለሚያውቀው ዝም ብሎ ሊያስገባህ ይችላል። ከገባህ የመጀመሪያ ሥራህ ኢሜይሉን መቀየር ነው፣ ጨዋታው ይቆይ። ለመቀየር ስትሞክር ወደ ድሮው ኢሜይል ኮድ ልላክ ካለህ ከሥሩ ኢሜይሉ እንደማይከፈትልህ የምትገልጽበትን አማራጭ ምረጥ።

ቀጥሎ ሲሙ። ከስልኩ ጋር ጠፋ አልክ እንጂ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አላልክም። መጀመሪያ ከሌላ ስልክ በቁጥሩ ደውልበት። የማታውቀው ሰው «ሃሎ» ካለህ ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ተላልፏልና ይህ መንገድ ተዘግቷል፣ ወደሚቀጥለው እለፍ። የማይሠራ ወይም የተዘጋ ከሆነ ግን መታወቂያህን ይዘህ የቴሌ አገልግሎት ማዕከል ሂድና ምትክ ሲም ጠይቅ። ሲሙ በማን ስም እንደተመዘገበ አስብ። ያኔ ልጅ ስለነበርክ በአባትህ ወይም በእናትህ ስም ወጥቶ ከሆነ ይዘሃቸው መሄድ አለብህ። ብዙ ቀን ሳይሠራ የቆየ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል ይህን ለሳምንት አታሳድረው፣ ከሁሉም በፊት የሚያልፍብህ እድል ይህ ነው።

ሲሙ ከወጣ በመጀመሪያ ወደ ያሁ፣ ከዚያ ወደ ስቲም። `login.yahoo.com` ላይ ኢሜይልህን ጻፍና ፓስወርድ ረሳሁ በል፣ ኮዱ በኤስኤምኤስ ይመጣል። ገብተህ ሳጥኑ ባዶ ከሆነ አትደንግጥ። ያሁ ለ12 ወራት ያልተከፈተ የመልእክት ሳጥን ያጸዳል፣ የድሮዎቹ ደብዳቤዎች አይመለሱም። አንተ ግን የድሮ ደብዳቤ አያስፈልግህም። የሚያስፈልግህ ዛሬ የሚላክልህን አንድ ኮድ የሚቀበል ሳጥን ብቻ ነው። ብዙ ሰው ባዶውን ሳጥን አይቶ «ጠፋ» ይልና እዚያው ያቆማል፣ ሊጨርሰው አንድ እርምጃ ሲቀረው።

ያሁ «እንዲህ ያለ ኢሜይል አላውቅም» ካለህ ደግሞ ከስሙ ኋላ የሚመጣውን ተመልከት። የያሁ አድራሻ `yahoo.com` ብቻ አልነበረም፣ `ymail.com` እና `rocketmail.com` የሚሉም ነበሩ። ሦስቱንም ሞክር። ያም ካልሆነ ስሙ ከያሁ ተሰርዟል ማለት ነው። ያሁ በ2013 እ.ኤ.አ. ለረጅም ጊዜ ያልተነኩ ስሞችን ለሌሎች ሰዎች መስጠት እንደሚጀምር አስታውቆ ነበር። ስለዚህ የድሮው አድራሻህ ዛሬ የሌላ ሰው ሊሆንም ይችላል፣ ስቲም «ያ ኢሜይል የኔ ነበር» የሚል ቃል ብቻውን የማይቀበለውም ለዚህ ነው።

የያሁው ሳጥን ከተከፈተ `help.steampowered.com` ግባ። መግባት እንደማትችል የሚገልጸውን ምርጫ ትወስድና የአካውንት ስም ወይም ፓስወርድ ረሳሁ ትላለህ። በ`AccountName` ፈልግ። ከዚያ ወደ ኢሜይልህ ኮድ ይልክልሃል። አንዴ ጠይቅና ጠብቅ፣ የአይፈለጌ መልእክት ሳጥኑንም እይ። ደጋግመህ ከጫንክ ኮዶቹ ይደራረቡና የትኛው እንደሚሠራ ግራ ይገባሃል፣ የሚሠራው የመጨረሻው ነው።

አሁን ሲሙም ያሁም ያልሆነበትን እንውሰድ፣ ምክንያቱም ያንተን ጉዳይ የሚወስነው በአብዛኛው ይሄ ነው። በዚያው ገጽ ላይ ኮድ የሚላክባቸው ምርጫዎች ከሥር ኢሜይሉም ስልኩም ከእጄ ወጥተዋል የምትልበት አማራጭ አለ። እሱን ስትጫን ባለቤትነትህን የምታስረዳበት ፎርም ይከፈታል። ሳትዘጋጅ አትክፈተው።

የሚያዩህ በዋናነት በክፍያው ነው። ወንድምህ ሐምሌ 2010 ላይ የከፈለበትን ካርድ ዓይነት፣ ቪዛ ይሁን ማስተርካርድ፣ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ስም እና የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ትፈልጋለህ። አራቱ ብቻ። ሙሉ የካርድ ቁጥርም ሆነ ከጀርባው ያሉትን ሦስት አሃዞች ለማንም አትላክ፣ ለስቲም ራሱም ቢሆን። ስቲም እነሱን አይፈልግም፣ የጠየቀህ ሰው ካለ ሌባ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አሁን ኪሱ ያለውን ካርድ አይቶ ቁጥር በመላክ ነው። የዚያን ዓመት ካርድ እስካሁን ጊዜው አልፎበታል፣ አዲስ ሲሰጠው የመጨረሻ አሃዞቹ ተቀይረው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወንድምህን «ካርድህ ስንት ነው?» ብለህ አትጠይቀው። «የዚያን ጊዜውን የባንክ ስቴትመንት አውጣልኝ» በለው። ወይም የባንኩን የድሮ ኤስኤምኤስ ይፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜ የካርዱ መጨረሻ አሃዞች እዚያ ይጻፋሉ። ስቴትመንቱ ላይ ገንዘቡ የተከፈለለትን ሲፈልግ `STEAM` የሚል ቃል ይፈልግ እንጂ የጨዋታውን ስም አይፈልግ፣ ባንክ የጨዋታ ስም አይጽፍም።

ሌላው የኛ አገር ሰው ብቻ የሚገባበት ወጥመድ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ሐምሌ 2010 ብለህ ስትጽፍ የስቲም ሰራተኛ የሚያነበው የፈረንጆቹን 2010 ነው፣ ያኔ ደግሞ ያንተ አካውንት ገና አልተከፈተም። በእነሱ አቆጣጠር 2018 ነው፣ በትክክል ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6። አካውንቱን የከፈትክበት 2009ም ከሴፕቴምበር 2016 እስከ ሴፕቴምበር 2017 ድረስ ይሄዳል። ትክክለኛ መልስ ያለው ሰው በዚህ ብቻ ውሸታም ሊመስል ይችላል። የስልክ ቁጥርህንም በ09 ሳይሆን በ+251 ጀምረህ ጻፍ።

ሌላ ማስረጃ ካለህ ጨምርበት። ስቲም ላይ የሞላኸው የዋሌት ካርድ ወይም ያስገባኸው የጨዋታ ኮድ ካለ፣ ካርዱን ወይም ኮዱ የተጻፈበትን ወረቀት ካልጣልከው ኮዱን ጻፍ፣ ፎቶውንም አያይዝ። የድሮውን ያሁ አድራሻ፣ የድሮውን ስልክ፣ ያን 17 አሃዝ ቁጥርም አስገባ። እነዚህ ብቻቸውን ባለቤት አያደርጉህም፣ ከካርዱ ጋር ሲገጥሙ ግን ታሪኩን ይሞላሉ።

መልእክቱን አጭር አድርገው። አካውንቱ ይህ ነው፣ ኢሜይሉ በዚህ ምክንያት ተዘጋ፣ ሲሙ ጠፋ፣ ጂቲኤ 5 በዚህ ወር በወንድሜ ካርድ ተገዛ፣ በካርዱ ላይ ያለው ስም ይህ ነው። በቃ። ካርዱ የወንድምህ መሆኑን አትደብቅ፣ ስሙ ካንተ ስም ጋር ባለመግጠሙ ከሚጠራጠሩህ አንተው ቀድመህ ብትነግራቸው ይሻላል። የማታውቀውን ነገር ገምተህ አትሙላ፣ ባዶ ቦታ ከተሳሳተ መልስ ይሻላል። መልስ የሚላክበት ኢሜይል ሲጠይቁህ ራስህ የምትቆጣጠረውን፣ በራስህ ስልክ የታሰረውን ስጥ። አዲስ ኢሜይል የሚጠቅምህ እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ስትልከው በ`HT-` የሚጀምር መለያ ይሰጥሃል፣ ጻፈውና አስቀምጠው። ከዚያ ጠብቅ። መልስ ዘገየ ብለህ ሁለተኛና ሦስተኛ ጥያቄ አትክፈት፣ የሚያዘገየው ራሱ ይህ ነው። ተጨማሪ ነገር ካገኘህ እዚያው የመጀመሪያው ላይ ጨምር። እምቢ ካሉህም ያንኑ መልእክት መልሰህ አትላክ። የጎደለው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፣ እሱን ይዘህ ተመለስ።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ብሩን ተቀብሎ ብሎክ ቢያደርግህ ቀላሉ ጉዳት ነው። የሚብሰው በትህትና የወንድምህን ካርድ አሃዞች፣ የድሮ ኢሜይልህን እና የተገዛበትን ቀን ሲጠይቅህ ነው። እነዚህን ይዞ ከላይ የነገርኩህን ፎርም እሱ ይሞላዋል፣ መልስ የሚላክበት ኢሜይል ደግሞ የራሱን ያስገባል። ስቲም ማስረጃውን አይቶ ያምነዋል፣ አካውንቱም ይወጣል፣ ለሱ። በዚያ ላይ የስቲም ድጋፍ ስልክ አይደውልም፣ ቴሌግራም ላይ የለም፣ ዲስኮርድ ላይ «የቫልቭ ሰራተኛ ነኝ» የሚልህም ውሸቱን ነው። ሥራው ሁሉ የሚያልቀው በዚያው `help.steampowered.com` ላይ ነው። አድራሻውን በእጅህ ጻፈው፣ የተላከልህን ሊንክ አትጫን።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልጠይቅህ፦ አካውንቱን ራስህ ነህ የከፈትከው? ከሌላ ሰው ገዝተኸው ከነበረ ታሪኩ ይለያል። ስቲም አካውንት መሸጥና መግዛትን አይፈቅድም፣ ማስረጃ ሲፈልግም የሚያገኘው የመጀመሪያው ሰው ኢሜይልና ክፍያ ነው። ያን ጊዜ አካውንቱ ቢመለስም የሚመለሰው ለሻጩ ነው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። አንዳንዱ ሻጭ ሆን ብሎ ሸጦ በዚሁ ፎርም መልሶ ይወስዳል። ነፃ ጨዋታ ብቻ የነበረበት፣ አንድም ጊዜ ያልተከፈለበት፣ ስልክም ያልተመዘገበበት አካውንት ኢሜይሉ ከሞተም መመለሱ በጣም ከባድ ነው። ያንተ ግን የተገዛ ጨዋታ አለው።

እኔ አንተን ብሆን ነገ ጠዋት መጀመሪያ ቴሌ እሄዳለሁ፣ ያ ነው ቀን የሚቆጠርበት። ማታ ላፕቶፑን እከፍታለሁ። ለወንድሜ ደግሞ ዛሬውኑ እጽፋለሁ፣ ስቴትመንቱ ከባንክ እስኪወጣ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል። ፎርሙን የምሞላው ሦስቱም መልስ ከሰጡ በኋላ ነው። ሲሙ ከወጣና ያሁው ከተከፈተ ፎርሙ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል።

አካውንቱ ሲመለስ ኢሜይሉን በዚያው ቀን ቀይረው። አዲሱን ኢሜይል ደግሞ አንዳንዴ ግባበት፣ ጂሜይልም ቢሆን ለ2 ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። የስቲምን መተግበሪያ ስልክህ ላይ ጫንና ስቲም ጋርድን አብራ። ሲበራ በ`R` የሚጀምር የመመለሻ ኮድ ይሰጥሃል። ስክሪንሾት አንስተህ እዚያው ስልክ ላይ አትተወው፣ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ወረቀት ላይ ጻፈውና የትምህርት ማስረጃህ ያለበት ፋይል ውስጥ አስገባው፣ አንድ ቅጂም ለወንድምህ ላክ።